ሰዓቱ የሚያጠፋው የማንን ቅጂ ነው?



ዛሬ የምናገረው በየእጃችን ባለው ስልክ ውስጥ ስለሚገኝ አንድ ቅንብር ነው። በዋትሳፕ Disappearing messages ተብሎ ይነበባል፤ ቴሌግራምም የራሱ አለው። ቅንብሩ ሲበራ የተጻጻፍነው ሁሉ የተወሰነለት ጊዜ ሲሞላ በራሱ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው የጻፍኩት ነገር ማስረጃ አይተውም» ብሎ ይደመድማል። እኔ ዛሬ የማስረዳው ከዚህ የተለየ ነው። ጠፊ መልእክት ማስረጃን አጥፍቶ ሁለቱን ተነጋጋሪዎች እኩል አያደርጋቸውም። ቅጂ ለማስቀረት ያሰበው ማስረጃውን እንደያዘ ይቀራል፤ ያላሰበው ግን የራሱን ድርሻ ጭምር ያጣል። ስለዚህ ይህን የማጥፊያ ሰዓት ከማብራታችን በፊት ልንጠይቅ የሚገባን «ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?» ብለን ሳይሆን «የሚጠፋው የማን ቅጂ ነው?» ብለን ነው።

ከአሠራሩ እንጀምር። አንድ ሰው ነፋስ መውጫ ሆኖ ወገዳ ላለ ወዳጁ በዋትሳፕ ይጽፋል እንበል፤ ሰዓቱም በ24 ሰዓት ተሞልቷል። መልእክቱ ሲሄድ ጽሑፉ ብቻውን አይሄድም፤ የዕድሜው ልክም አብሮት ይጓዛል። የወገዳው ስልክ ሁለቱንም ይቀበላል። ጊዜው ሲሞላ በዚያ ስልክ ላይ ያለው ዋትሳፕ ራሱ መልእክቱን ይሰርዘዋል። ላኪውም በራሱ ስልክ ላይ ያለው ቅጂ በዚያው ደንብ ይጠፋበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የነፋስ መውጫው ስልክ ወገዳ ድረስ ዘልቆ የሚሰርዘው ነገር የለም። ላኪው አብሮ የሚልከው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ፈጻሚው የተቀባዩ መተግበሪያ ነው። ትእዛዙም የሚመለከተው መተግበሪያው ራሱ የሚያውቀውን ቅጂ እንጂ ከእርሱ ውጭ የወጣውን አይደለም።

ዋትሳፕ ይህን ቅንብር ያመጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ነው፤ ያኔ ምርጫው 7 ቀን ብቻ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ 24 ሰዓትና 90 ቀን ተጨመሩ። የዋትሳፕ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው መልእክቱ ከተላከበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በ24 ሰዓት የተላከን ነገር በሦስተኛው ቀን ስልኩን የከፈተ ሰው አያገኘውም። በቴሌግራም ሚስጥራዊ ውይይት ደግሞ ሰዓቱ የሚነሣው መልእክቱ ከተነበበ በኋላ ነው። ከተራው የቴሌግራም ውይይት ጋር ሌላ ልዩነትም አለ። ተራው ውይይት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ሚስጥራዊው ግን በሁለቱ ስልኮች ላይ ብቻ ነው የሚኖረው። እነዚህ ልዩነቶች ቢኖሩም መሠረቱ አንድ ነው፤ ሰዓቱ የሚገዛው መተግበሪያውን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

አሁን ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። የነፋስ መውጫው ሰው ተበዳሪ፣ የወገዳው ደግሞ አበዳሪ ናቸው እንበል። ሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት ተበዳሪው «የወሰድኩት 30,000 ብር መሆኑን አልክድም» ብሎ ይጽፋል። በ4 ሰዓት ይቀጥልና «ከዚያ ላይ 20,000ውን በጥር ለወንድምህ በእጁ ሰጥቻለሁ፤ የቀረብኝ 10,000 ነው» ይላል። በ5 ሰዓት አበዳሪው «ልክ ነህ፣ ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። ማክሰኞ ጠዋት በ3፣ በ4 እና በ5 ሰዓት ሦስቱም መልእክቶች በየተራቸው ከሁለቱም ስልኮች ይጠፋሉ። ነገር ግን አበዳሪው ሰኞ ዕለት የመጀመሪያውን መልእክት ብቻ ስክሪንሾት አንሥቶ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የቀረው ምንድን ነው? በአበዳሪው ጋለሪ ውስጥ የ30,000 ብር እምነት አለ። በተበዳሪው እጅ ምንም የለም። ገንዘቡ በእጅ ስለተሰጠ ባንክም ቴሌብርም አይመሰክሩለትም። በስክሪንሾቱ ላይ አንድም የተፈጠረ ቃል የለም፤ ሁሉም እውነት ነው፤ ግን የእውነቱ ሲሶ ብቻ ነው። ሰዓቱ የተቀረውን ሲያጠፋ ያንን ሲሶ ሙሉ አስመሰለው።

በዋትሳፕ በተራ ጠፊ ውይይት ውስጥ ስክሪንሾት አይታገድም፤ ላኪውም እንደተነሣበት የሚነግረው የለም። ተበዳሪው ሰዓቱ መብራቱን አይቶ «ሁለታችንም እንረሳዋለን» ብሎ ተማምኗል። መረሳቱ ግን ለእርሱ ብቻ ሆነ።

ሦስተኛ ስልክ እንጨምር። አበዳሪው ሰኞ ማታ ያንኑ የመጀመሪያ መልእክት መካነ ኢየሱስ ላለ ዘመዱ ፎርዋርድ ያደርገዋል። ከዘመዱ ጋር ያለው ውይይት ሰዓት ካልተሞላበት መልእክቱ እዚያ ሲደርስ ተራ መልእክት ይሆናል፤ ማክሰኞ አይጠፋም፣ ወር ቢቆይም አይጠፋም። ፎርዋርድ ማለት የመጀመሪያውን መልእክት ማሳየት አይደለም፤ አዲስ ቅጂ መፍጠር ነው። አዲሱ ቅጂ የሚተዳደረው በደረሰበት ውይይት ደንብ እንጂ በተነሣበት ደንብ አይደለም። በዋትሳፕ ፎርዋርድ የተደረገ መሆኑ ምልክት ይኖረዋል፤ መጀመሪያ የጻፈው ማን እንደሆነ ግን አይነገርም። ቴሌግራም የመጀመሪያውን ላኪ ስም ሊያሳይ ይችላል፤ ላኪው በቅንብሩ ከከለከለ ግን ስሙ ወደ መለያው አያገናኝም። በሁለቱም መንገድ ዘመድየው ለሌላ ሰው ቢያሻግረው ለተበዳሪው የሚደርሰው ወሬ የለም።

ከፎርዋርድ ሌላ ሳይታወቅ ቅጂ የሚቀርባቸው በሮች አሉ። አንድ ሰው ለጠፊ መልእክት በመልስ መልክ ሲጽፍ የመጀመሪያው ጽሑፍ ከመልሱ በላይ ተጠቅሶ ይታያል፤ ያ ጥቅስ ዋናው ከጠፋ በኋላም ሊቀር እንደሚችል ዋትሳፕ ራሱ ያስታውቃል። ጊዜው ሳይሞላ ባክአፕ ከተደረገ መልእክቱ በባክአፑ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ስልክ ሲመለስ ግን ይሰረዛል። ፎቶን ወደ ጋለሪ ሴቭ ያደረገ ሰው ከመተግበሪያው አውጥቶታል፤ ከዚያ ወደ ሚሞሪ ካርድ፣ ከሚሞሪ ካርድ ወደ ሌላ ስልክ በዜንደር ሲሻገር ሰዓቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ከእነዚህ ሁሉ ለላኪው መብት የሚሰጠው አንድ በር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ተቀባዩ በዋትሳፕ Keep የሚለውን ነክቶ መልእክቱን በውይይቱ ውስጥ ማቆየት ይችላል፤ ያኔ ላኪው ይነገረዋል፣ አልፈቅድም ማለትም ይችላል። በግልጽ የሚጠይቅ ሰው በዚህ በር ይገባል። በስውር ማስቀረት የፈለገ ሰው ግን ስክሪንሾት እያለለት ለምን በዚህ ይመጣል?

እዚህ ላይ «ታዲያ ስክሪንሾት የሚከለክል ይሠሩልን» የሚል ሊኖር ይችላል። ተሠርቷል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ አንድ መተግበሪያ ገጹ እንዳይቀረጽ ማዘዝ ይችላል፤ የቴሌግራም ሚስጥራዊ ውይይት ይህን ይጠቀማል። ዋትሳፕም አንድ ጊዜ ብቻ በሚታየው ፎቶ ላይ ስክሪንሾት አግዷል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ታል ቤኤሪ የሚባል ተመራማሪ የዚህን ደካማ ጎን ይፋ አወጣ። ፎቶው ወደ ተቀባዩ ሲሄድ «አንዴ ብቻ» የሚለው ትእዛዝ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚነበብ አንድ ምልክት ነበር። በኮምፒውተር በኩል ያንን አዎ ወደ አይደለም የለወጠ ሰው ፎቶውን እንደ ማንኛውም ፎቶ ሴቭ ያደርገው ነበር። ይህን የሚያደርጉ ዝግጁ ፕሮግራሞችም አስቀድመው ወጥተው ነበር። ኩባንያው ክፍተቱን ለመድፈን እርምጃ ወስዷል። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስናፕቻትን «ይጠፋል እያላችሁ ተጠቃሚውን አሳስታችኋል» ብሎ ከስሶት ነበር። ምክንያቱም ተቀባዩ በሌላ መተግበሪያ ከፍቶ ማስቀረት ይችል ነበር፤ ቪዲዮውም ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር በማገናኘት ይገኝ ነበር። በሁለቱም ታሪኮች ስህተቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥበቃው የተመሠረተው በተቀባዩ እጅ ያለ መሣሪያ ይታዘዛል በሚል እምነት ላይ ነው።

ክፍተቱ ሁሉ ቢደፈን እንኳ ሌላ ስልክ አለ። በአንዱ ስልክ ላይ የሚታየውን በሌላው ካሜራ ማንሣት የትኛውም መተግበሪያ አይከለክለውም። ይህን ሐቅ ሀገራችን በ2008 ዓ.ም. በውድ ዋጋ አይታዋለች። በግንቦት 22 የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሊሰጥ ሲል ጥያቄዎቹ በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቀቁ፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ፈተናውን ሰረዘ። መፍትሔው ምን እንደነበር አስተውሉ። የተለቀቀውን ወረቀት ከሰው ስልክ መሰብሰብ አልተቻለም፤ የተቻለው አዲስ ፈተና አዘጋጅቶ የወጣውን ዋጋ ማሳጣት ነው። ከዓመታት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ሲደረግ ተፈታኞች ስልክ ይዘው እንዳይገቡ ተከለከሉ። ጥበቃው ከምስሉ ወደ ካሜራው ዞረ ማለት ነው። ይህ ለመንግሥት የተቻለው ግቢ ስላለውና በር ላይ ስለሚፈትሽ ነው። እኛ ግን መልእክት የምንልክለትን ሰው ቤት በር ላይ ቆመን አንፈትሽም።

አሁን ወደ ክርክሬ መካከል ልመለስ። ድሮ አንድ ነገር ከአፍ ከወጣ በኋላ ሲዛመት «አለ አሉ» እየተባለ ነበር። ሰሚው አሉባልታ መሆኑን ያውቃል፤ የተባለው ሰውም «አላልኩም» ማለት ይችላል። ስክሪንሾት ግን የምስክር ልብስ ለብሶ ይመጣል። ቀኑ አለበት፣ ስሙ አለበት፣ የተጻፈበት ቀለም አለበት። ነገር ግን እነዚህን ሁሉ ማስመሰል ቀላል ነው። የአንድን ሰው ስም በስልክ ላይ ለሌላ ቁጥር ሰጥቶ በዚያ ቁጥር መጻፍ ይቻላል፤ የውይይት ገጽ ቀርጾ የሚያወጣ ፕሮግራምም አለ። ሐሰተኛውን ስክሪንሾት ለመርታት የሚያስፈልገው ዋናው ውይይት ነው። ጠፊ መልእክት ያበራ ሰው ግን ያንን ዋና አስቀድሞ አጥፍቷል። ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ «ሙሉውን እዩልኝ» የሚለው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ሰዓቱ ከተቆረጠ ስክሪንሾት አያድንም፣ ከተፈጠረ ስክሪንሾትም አያድንም፤ ይልቁንም ለሁለቱም መከላከያ የሚሆነውን መሣሪያ ከእጃችን ይወስዳል።

በብድር ጉዳይ ይህ የበለጠ ይከብዳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። የስልክ መልእክት ምን ያህል እንደ ጽሑፍ እንደሚቆጠር መወሰን የዳኞች ሥራ ነው። ሆኖም በዚህ ደንብ ሥር የሚኖር ሰው ስለ ገንዘብ የተጻጻፈውን በ24 ሰዓት እንዲጠፋ ሲያደርግ ሕጉ የሚፈልገውን ነገር በገዛ እጁ እየቀደደ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከተቃራኒው ጎን ይመጣል፤ «እንዲህ ከሆነ ቅንብሩ ምን ይረባል? እናጥፋው»። ይህም አይደለም። ሲግናል የተባለው መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን አሠራር ሲያስጀምር ተቀባዩ ተቃዋሚህ በሆነበት ጊዜ እንደማይጠቅም፣ ሌላ ካሜራ እንዳለ፣ ከመጀመሪያው ተናግሯል። ጥቅሙ ሌላ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሲተማመኑ ሰዓቱ ከጊዜ ይጠብቃቸዋል። ስልክ ይሰረቃል፤ ስልክ ይሸጣል፤ ለጥገና ሞባይል ቤት ያድራል፤ ለልጅ ይሰጣል። በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት የተከማቸ የመታወቂያ ፎቶ፣ የሒሳብ ቁጥር፣ የሐኪም ወረቀት በውስጡ ከሌለ የሚጎዳ ሰው አይኖርም። ከአረብ ሀገር ለእናቷ የፓስፖርቷን ፎቶ የምትልክ ልጅ እናቷን አትጠረጥርም፤ የምትፈራው ስልኩ በሰው እጅ የሚገባበትን ቀን ነው። ሰዓቱ ለእርሷ በትክክል ይሠራል። እናቷ ለጎረቤት ልጅ «አንብብልኝ» ብላ ስልኩን ስትሰጥና ልጁ ፎርዋርድ ሲያደርገው ግን አይሠራም። ስለዚህ የሰዓቱ ጥበቃ ስፋቱ በተቀባዩ ታማኝነት ልክ ነው።

«የላክሁትን ለሁሉም አጠፋለሁ» የሚለው ሰውም አለ፤ Delete for everyone የሚባለውን ማለቱ ነው። ይህ ከሰዓቱ የተለየ ነገር ነው፤ ልዩነቱም በእኛ አካባቢ በተለይ ሊታወቅ ይገባል። ሰዓቱ መልእክቱ ሲላክ አብሮ ስለሄደ ኔትወርክ ባይኖርም በተቀባዩ ስልክ ውስጥ ይቆጥራል። ይኼኛው ግን በኋላ የሚላክ አዲስ ትእዛዝ ነው፤ ለመድረስ መስመር ያስፈልገዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መልእክቱ ዋይፋይ ባለበት ደርሶት ወደ ገጠር የወጣ ሰው ስልክ ላይ የማጥፊያው ትእዛዝ እስኪደርስ ድረስ መልእክቱ ቁጭ ይላል፤ ይነበባል፣ ስክሪንሾትም ይነሣል። በዋትሳፕ ደግሞ ይህን ማድረግ የሚቻለው ከተላከ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ እስኪሆነው ብቻ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ «ሕግ አለ» የሚለው ነው። አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ሥርዓት ሰውን ማስፈራራትን ይቀጣል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ «ማሰራጨት» የሚለውን ሲተረጉም ላይክና ታግ ማድረግን ያስወጣል፤ ለብዙ ሰው ማዳረስን ግን አያስወጣም። ፎርዋርድ እያደረገ የሚበትን ሰው «እኔ አልጻፍኩትም» ብሎ እንደማያመልጥ ከዚህ እንረዳለን። ሆኖም ሕግ የበተነውን ይቀጣል እንጂ የተበተነውን አይሰበስብም። ለመቅጣትም ማስረጃ ይፈልጋል። የሚያስፈራራ ሰው ራሱ ሰዓቱን አብርቶ ቢጽፍ ማስረጃው በ24 ሰዓት ይጠፋል፤ የተጎዳውም ሰው በድንጋጤ ራሱ ይሰርዘዋል። ያኔ ስክሪንሾት የተጎዳው ወገን መሣሪያ ይሆናል። ሲነሣ ግን ላኪው የጻፈበት ቁጥር፣ ቀኑና ከላይና ከታች ያለው ጽሑፍ እንዲታይ፣ አንዱ ምስል በሌላው ላይ ጥቂት እየተደረበ፣ ሳይቆረጥ መነሣት አለበት። ውይይቱም ሳይሰረዝ ለሌላ ሰው በዓይኑ ቢታይ ይበልጥ ይጸናል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው። የምንልከው ነገር መዝገብ ከሆነ፣ ማለትም ብድር፣ ክፍያ፣ የእርሻ ውል፣ የሽምግልና ስምምነት ከሆነ፣ ሰዓቱ መጥፋት አለበት፤ ውይይቱ ከተከፈተ ጀምሮም በርቶ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በሁለት ሰው ውይይት ሌላኛው ወገንም ሊያበራው ይችላል፤ ያበራ ጊዜ በውይይቱ ውስጥ ጽሑፍ ይወጣል። የምንልከው አገልግሎቱ በአንድ ቀን የሚያልቅ ምስጢር ከሆነና ተቀባዩን የምናምን ከሆነ ሰዓቱን እናብራ፤ አደጋው ከጊዜ እንጂ ከሰውየው አይደለምና። ተቀባዩን የማናምነው ከሆነ ግን 24 ሰዓትም አንድ ጊዜ መታየትም አያድኑንም፤ ያን ነገር በስልክ አለመላክ ብቻ ነው የሚያድነን። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ሰዓቱን የሚያበራ ሰው የራሱን ቅጂ አጥፍቶ የሌላውን ሰው ቅጂ ብቸኛ ምስክር ያደርገዋል።